«መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት» የተባለው ምሽት



ልጃችን ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ወር ደውሎ «ዛሬ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለብኝ» ቢለን፣ አብዛኞቻችን «ጌታ ይመስገን» ብለን ስልኩን ዘግተን በሰላም እንተኛለን። ስለ ልጆቻችን ስንጸልይ ከምንለምናቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነውና።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2017 ማታ፣ ባተን ሩዥ በሚገኘው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ለአንድ ፍራተርኒቲ አዲስ ገቢዎች በስልክ ቡድናቸው መልእክት ደረሳቸው። ለ«መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት» ወደ ማኅበሩ ቤት እንዲመጡ የሚል ነበር። ከመጡት አንዱ የ18 ዓመቱ ማክስ ግሩቨር ሲሆን፣ ትምህርት ከጀመረ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። እዚያ መጽሐፍ ቅዱስ የከፈተ አልነበረም። አዲሶቹን ግድግዳ ይዘው አቆሟቸውና ስለ ማኅበሩ ታሪክና ስለ ግሪክ ፊደላት ይጠይቋቸው ጀመር። የተሳሳተ ሁሉ ከጠርሙስ እንዲጎነጭ ይታዘዛል። መጠጡ 95 በመቶው ንጹሕ አልኮል ነው፤ የአገራችን ደረቅ አረቄ እንኳ አጠገቡ አይደርስም። በችሎት እንደተመሰከረው ማክስ ከሌሎቹ የበለጠ እንዲጠጣ ተደርጓል።

ጨዋታው ሲያበቃ ማክስ ራሱን ስቶ ነበር። ሶፋ ላይ አስተኙት፤ ከዚያም ሰዉ ወደየመኝታው ሄደ። ጠዋት ሲያዩት የልብ ምቱ ደክሟል፤ መተንፈሱንም ለማወቅ ተቸገሩ። ሆስፒታል ሲደርስ ሊያተርፉት አልቻሉም። በደሙ ውስጥ የተገኘው አልኮል 0.495 በመቶ ነበር፤ መኪና ለመንዳት ከሚፈቀደው ጣሪያ ከስድስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የገደለው አልኮሉና ከሆዱ ተመልሶ ወደ ሳንባው የገባው ነገር ነው። አንድ የማኅበሩ የቀድሞ አባል በ2019 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ግማሹ ግን ታገደለት።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ስሙ ስላስደነገጠን ብቻ አይደለም። ድርጊቱ ራሱ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳየን ነው። አሜሪካኖች «ሄዚንግ» የሚሉት ይህ ነገር በራሱ ስም አይመጣም። «የወንድማማችነት ምሽት»፣ «የቤተሰብ እራት»፣ «ልምምድ»፣ «ጥናት» እየተባለ ነው የሚመጣው። እኛ ወላጆች ደግሞ ከሩቅ ሆነን የምንሰማው ስሙን ብቻ ነው።

ሄዚንግ ማለት፣ አንድ ሰው ወደ ማኅበር፣ ወደ ስፖርት ቡድን፣ ወደ ባንድ ወይም ወደ ዶርም ስብስብ ለመግባት ወይም እዚያው ለመቆየት ሲል የሚደርስበት ውርደት፣ ሥቃይ ወይም አደጋ ነው። «ወድዶ ነው የገባበት» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። በሉዊዚያና፣ ብዙዎቻችን በምንኖርበት በሜሪላንድና በሌሎችም ክፍለ ግዛቶች ሕጉ የተጎጂው ፈቃደኝነት መከላከያ እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከአዲሱ ልጅ ፊት የሚቆሙት፣ አባል ይሁን አይሁን የሚወስኑለት ሰዎች ናቸው። በእንደዚህ ያለ ቦታ «እሺ» የሚለው ቃል ክብደት የለውም።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር እንናገር። ልጆቻችንን ስናሳድግ ታላቅን ማክበር፣ ሲያዙት «አቤት» ማለት፣ የቤትን ገመና ውጭ አለማውጣት አስተምረናል። መልካም ነገሮች ናቸው፤ አንጸጸትባቸውም። ነገር ግን የ21 ዓመት «ታላቅ ወንድም» ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ጠርቶ ሲያዘው «አይሆንም» እንዲል ያስተማርነው ስንቶቻችን ነን? ደግሞም አገር ቤት የተማርነው ብዙዎች ፍሬሽ ሲቀለድበት አይተን ስላደግን፣ ልጃችን ጫፉን ሲያነሣልን «ያልፋል፣ ቀልድ ነው» እንላለን። ማኅበሩ ራሱን «ወንድማማችነት» ብሎ መጥራቱም በቤተ ክርስቲያን «ወንድሜ» እየተባባለ ላደገ ልጅ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

በሜይን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት 53 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከ11,000 በላይ ተማሪዎች ተካትተዋል። በክበብ፣ በቡድን ወይም በማኅበር ከሚሳተፉት 55 በመቶው ሄዚንግ ደርሶባቸዋል። እኛን ያስገረመን ሌላው ግኝት ነው። ድርጊቱ ከደረሰባቸው አሥር ተማሪዎች ዘጠኙ «ሄዚንግ ደርሶብኛል» አይሉም። ስለዚህ ልጃችንን «ሄዚንግ አለ እንዴ?» ብለን ብንጠይቀው «የለም» ይለናል፤ የሚለውም እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም።

ልክ የሆነውን ጥያቄ የተማርነው ከራሳችን ስህተት ነው። በኅብረታችን ካሉት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ከቤቱ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ በሌላ ክፍለ ግዛት ይማራል። በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ለእረፍት መጣ። ከስቷል። ሰው እያናገረው እንቅልፍ ይወስደዋል። ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ግን ምግቡን ትቶ፣ ጸሎትም ላይ ቢሆን ብድግ ብሎ ይወጣል። እናቱ ልብስ ልታጥብ ጃኬቱን ስትፈትሽ ሁለት ዓይነት ሲጋራ፣ ላይተር፣ ማስቲካና የሳንቲም ከረጢት አገኘች።

ያደረግነውን ብንደብቅ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባልነበረብን። ሲጋራ ጀመረ ብለን አዘንን። ጾምና ጸሎት ያዝንለት። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጠርተው «ልጄ፣ ሰውነትህ የመንፈስ ቅዱስ ቤት ነው» ብለው ገሠጹት። ልጁ ራሱን ደፍቶ ሰማ፤ «ይቅርታ» ብሎም ተመለሰ። ያላደረገውን ኃጢአት ተናዘዘ ማለት ነው። እውነቱን ከመናገር ይልቅ ያ ቀለለው።

እውነቱን ያወጣችው ሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ታላቅ እህቱ ናት። ሁለት ዓይነት ሲጋራ መሆኑ ከነከናት፤ ሰው ሁለት ዓይነት አያጨስም። ደውላለት «ታጨሳለህ?» አላለችውም። «ለማን ነው የምትሸከመው?» አለችው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ አለቀሰ። ነገሩ በብዙ ማኅበራት የታወቀ ኖሯል። አዲስ ገቢ፣ ማለትም ፕሌጅ፣ ነባሮቹ በፈለጉ ሰዓት የሚሰጣቸውን ዕቃ ሁልጊዜ በኪሱ እንዲይዝ ይታዘዛል። አንዱ ጎድሎ ከተገኘ ቅጣት አለ። ከምሽቱ ሰባት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሰከሩ ነባሮችን በራሱ መኪና ከየቡና ቤቱ እየሰበሰበ ያመላልስ ነበር። ለመልእክት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ አብረውት የገቡት ሁሉ ይቀጣሉ። በቤንዚንና በ«መዋጮ» ያለቀው ገንዘብ የመጽሐፍ መግዣው ነበር።

ከዚህ ቤት የተማርነው፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሳይሆን አንድ ላይ ማየት እንደሚገባ ነው። እንቅልፍ ማጣት የፈተና ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ማጣትም የወጣትነት ነው። ነገር ግን የልጁ ጊዜ፣ መኪና፣ ገንዘብና ስልክ በአንድ ቡድን እጅ ከገቡ፣ «ይህን መናገር አይፈቀድልኝም» ማለትም ከጀመረ፣ ጉዳዩ የግል ድካም አይደለም። ከሁሉም ትልቁ ምልክት ምስጢሩ ነው። ደግ ቡድን ስለ ድምፅ አሰጣጡ ወይም ስለ ሥርዓቱ የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል። ልጁ የት እንዳደረና ማን እንደመታው የሚደብቅ ቡድን ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ እንደዚያች እህት መጠየቅ ይሻላል። «ትናንት ሌሊት የት ነበርክ? ማን ነው የጠራህ? ባትሄድ ምን ይሆን ነበር?» የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያሳያል። ልጁ «ምንም አይሆንም ነበር» ካለ መልካም። «ሌሎቹ ይቀጡ ነበር» ካለ ግን ማወቅ የሚገባችሁን አውቃችኋል። ስንጠይቅ ፊታችን ላይ ፍርድ ካየ በሩ ይዘጋል። እኛ በሲጋራው የዘጋነው እንዲሁ ነው።

አሁን ወደዚያ ሶፋ እንመለስ፤ ወጣቶቻችን በተለይ ይህን እንዲያነብቡ እንፈልጋለን። አንዳንዶቻችሁ አዲስ ገቢ ትሆናላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ በአጋጣሚ የተገኛችሁ ጓደኛ ወይም የዶርም ጎረቤት።

«ተኝቶ ይለፍለት» የሚለው ሐሳብ የሚገድለው በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ሰው በችኮላ ብዙ ከጠጣ፣ መጠጣቱን ካቆመ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል። ሶፋ ላይ ሲያስተኙት ከነበረበት ከአንድ ሰዓት በኋላ የባሰ ሊሰክር ይችላል። አልኮሉ ሲበዛ አንጎል ትንፋሽን ማዘዝ ያዳክማል፤ ሲያስመልሰው ሳል የሚያስነሣውም ስሜት ይጠፋል፤ ትውከቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ጮኸው ቢጠሩት፣ ቢቆነጥጡት የማይነቃ ከሆነ፣ በደቂቃ ከስምንት ጊዜ በታች የሚተነፍስ ከሆነ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል አሥር ሴኮንድ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ እንቅልፍ ሳይሆን መመረዝ ነው። ምልክቶቹ ሁሉ እስኪሟሉ አትጠብቁ፤ አንዱ ይበቃል።

ወዲያው 911 ደውሉ። በጎኑ አስተኙት፣ ጀርባውን ደግፉ፣ አጠገቡም ሁኑ። ቡና አትስጡት፤ ቀዝቃዛ ሻወር ውስጥ አታስገቡት፤ ብቻውን ክፍል ውስጥ አትዝጉበት። የሚያውቁት ሰው ቢጠይቅ ምን ያህል እንደጠጣ እውነቱን ተናገሩ።

አንድ ክፍል ሙሉ ሰው እያለ ለምን ማንም እንደማይደውል ብዙ አስበናል። ክፉዎች ስለሆኑ ብቻ አይመስለንም። ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ በተጣለ ጊዜ ወንድሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ሮቤል እንዳይገድሉት ተከራክሯል፤ በኋላ ሰው ሳያይ ሊያወጣውም አስቧል። ሲመለስ ግን ጉድጓዱ ባዶ ነበር። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሮቤሎች ብዙ ናቸው። «ትንሽ ቆይቼ አየዋለሁ»፣ «ጠዋት ላይ እናገራለሁ»፣ «ለታላቁ ነግሬዋለሁ» የሚሉ። የባተን ሩዡ ጉዳይ በተጣራ ጊዜ፣ ያ ኋላ የተፈረደበት ወጣት አዲሶቹን አለቅጥ እንደሚያሠቃይ ከጥቂት ቀን በፊት በገዛ ጓደኞቹ ተነግሮት እንደነበር ፖሊስ ጽፏል። ስጋቱ ነበር ማለት ነው። ከማኅበሩ በር ግን አልወጣም።

የሚያስፈራቸውም ነገር አለ። ዕድሜያቸው ከ21 በታች ስለሆነ ጠጥታችኋል ተብለው እንዳይቀጡ፣ ቤቱ እንዳይዘጋ፣ ስማቸው እንዳይነሣ ይፈራሉ። ሕግ አውጪዎች ይህን ስለተረዱ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ለታመመ ሰው እርዳታ የጠራ ወጣት በመጠጡ እንዳይከሰስ ጥበቃ አድርገዋል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በየመመሪያቸው ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ጥበቃው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለጠራና እስከ መጨረሻው አብሮ ለቆየ ሰው ነው። ደውሎ ለጠፋ ላይሠራ ይችላል። የልጃችሁ ትምህርት ቤት ምን እንደሚል መስከረም ሳይጠባ አንብቡት።

ለወላጆች ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። እናንተ ሜሪላንድ ሆናችሁ ልጃችሁ ኦሃዮ ታምሞ 911 ብትደውሉ፣ ስልኩ የሚደርሰው እናንተ ካላችሁበት ሠፈር ጣቢያ ነው። በዚያ ሌሊት ደቂቃዎች ያልቃሉ። የልጃችሁን ካምፐስ ፖሊስ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። የዶርሙን ስምና የክፍሉንም ቁጥር አብራችሁ ያዙ።

አደጋው አሁን ባይሆንም ድርጊቱ እየቀጠለ ሲሆን፣ ያቺ እህት ያደረገችውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ፤ እኛ ከዚያ የተሻለ አላየንም። መጀመሪያ ወንድሟ ስልኩ ላይ ያለውን የቡድን መልእክት ሁሉ ስክሪንሾት እንዲያነሣና ለእሷ እንዲልክ አደረገች። እነዚህ ቡድኖች መልእክቱ ራሱን የሚያጠፋ መተግበሪያ ይወድዳሉ፤ ያልተቀመጠ ነገር በማግሥቱ የለም። ትከሻው ላይ የነበረውን ብላታም ከነቀኑ ፎቶ አነሳ። ከዚያ በወረቀት ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደነበረ አጻፈችው። «ያሠቃዩናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለመርማሪ ብዙ አይረዳም፤ «ሐሙስ ሌሊት፣ በምድር ቤቱ፣ እገሌና እገሌ ባሉበት» የሚል ይረዳል።

ከሁሉ የጠቀመው ግን ያለፈው ሳይሆን የሚመጣው ነበር። ልጁ በአሥር ቀን ውስጥ አዲሶቹ ሁሉ ቤቱ ገብተው የሚያድሩበት፣ እነሱ በእንግሊዝኛ «የሲኦል ሳምንት» የሚሉት እንደሚጀምር ያውቅ ነበር። ቀኑንና ቦታውን ጻፉት። ዩኒቨርሲቲ ያለፈን ነገር ለመመርመር ሳምንታት ይወስዳል፤ ሊደርስ ያለን አደጋ ለማቆም ግን በቀናት ውስጥ ማገድ ይችላል።

ወላጆቹ በቁጣ ወደ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሊደውሉ ነበር። እንዳይደውሉ ለመነቻቸው፤ ልክም ነበረች። ለቡድኑ ቀድሞ መንገር ማስረጃ እንዲጠፋና ሌሎቹ ልጆች አንድ ዓይነት መልስ እንዲያጠኑ ጊዜ መስጠት ነው። ሪፖርቱን ያስገቡት ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ነው፤ ግልባጩን ለካምፐስ ፖሊስ። ዶርም ውስጥ ያለው ተማሪ አማካሪ፣ አር ኤ የሚሉት፣ ቢነገረው ኖሮም አብዛኛውን ጊዜ ለአለቆቹ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ወደዚያው ይደርስ ነበር። ልጁ ማንም ሳያውቅበት መጀመሪያ ማውራት ቢፈልግ ደግሞ የካምፐሱ የሥነ ልቦና አማካሪ ምስጢር ይጠብቃል።

ስም ሳይገለጽ ማመልከት ይቻላል ወይ ብላችሁ ብዙዎች ትጠይቁናላችሁ። ይቻላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጻቸው ላይ ቅጽ አላቸው፤ በ1-888-668-4293 የሚገኝ የጸረ ሄዚንግ መስመርም አለ። ይህ መስመር ግን የሚያስተላልፈው ለማኅበሩ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት እንጂ ለፖሊስ አይደለምና ለአስቸኳይ ነገር አይሆንም። ስም የሌለው ጥቆማ ድካሙ፣ መርማሪው ተመልሶ የሚጠይቀው ሰው አለማግኘቱ ነው። ስለዚህ ስም የሚደበቅ ከሆነ ዝርዝሩ የበለጠ መሞላት አለበት።

ዩኒቨርሲቲው «ልጅዎ 18 ዓመት ስለሞላው መረጃ ልንሰጥ አንችልም» ቢላችሁ አትመለሱ። ሕጉ የሚገድበው በአብዛኛው እነሱ ለእናንተ የሚነግሩትን ነው። እናንተ ለእነሱ የምትነግሩትን የሚከለክል የለም። ሪፖርታችሁን በኢሜይል ላኩ፤ የደረሰበት ቀን ይመዘገባልና።

ሕጉም ከማክስ ሞት በኋላ ተቀይሯል። ሉዊዚያና በ2018 በስሙ በተጠራ ሕግ፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ያደረሰ ሄዚንግ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጋለች። በዲሴምበር 2024 ደግሞ «ስቶፕ ካምፐስ ሄዚንግ አክት» የተባለው የፌዴራል ሕግ ተፈረመ። በዚህ ሕግ መሠረት የፌዴራል የተማሪ ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት የሄዚንግ አኃዝን በየዓመቱ የደኅንነት ሪፖርታቸው ውስጥ ማካተት፣ ጥፋተኛ ሆነው የተገኙትን ማኅበራት ስምና የጥፋቱን ዓይነትም በድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት አለባቸው። ልጃችሁ «እዚህ ማኅበር ልገባ ነው» ሲል የማኅበሩን ስም ይዛችሁ ያን ገጽ ፈልጉት። ስሙ አለመኖሩ ንጹሕ ነው ማለት ባይሆንም፣ ካለ ግን የምታወሩበት ነገር አገኛችሁ።

በዚህ ጉዳይ እኛ አብያተ ክርስቲያናት «እንጸልይበት» ብለን ማሳደር የለብንም የሚል አቋም ይዘናል። ጸሎትን አንቃወምም፤ ለዚያ ልጅም ጸልየናል። ነገር ግን በጸለይንባቸው ሳምንታት ሁሉ መኪናውን እየነዳ ሲያድር ነበር። የልጁ ስም እንዳይነሣ፣ ቤተሰቡ እንዳያፍር ብለን ነገሩን በሽማግሌዎች መካከል መያዝ፣ ምድር ቤት ለቀሩት ሌሎች አሥራ አንድ ልጆች ምንም አልፈየደም።

ሪፖርቱ በገባ በሦስተኛው ቀን ማኅበሩ ማንኛውንም ስብሰባ እንዳያደርግ ታገደ። ያ ሳምንት አልተካሄደም። ምርመራው እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ቆየ። ልጁ ቀላል ጊዜ አላሳለፈም። አብረውት የገቡት ሰላምታ ነፈጉት፤ አንዱ ዶርም በሩ ላይ ስድብ ጻፈበት፤ ያንንም ፎቶ አንሥቶ ለዲኑ ላከ፤ ክፍልም ቀየሩለት። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ በኋላ በግል ደውለው አመስግነውታል።

በበጋው ሲመጣ ስለ ሲጋራው የገሠጹት ሽማግሌ ከአምልኮ በኋላ ጠርተው ይቅርታ ጠየቁት። «ያኔ እንዲህ ነው ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ...» ሲሉት አቋረጣቸው። «አባባ፣ ያኔ ቢጠይቁኝም አልናገርም ነበር። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ሲጋራው ነበር» አላቸው።